ከቡድን ፎቶ አንድ ሰው ሲወጣ፦ መከርከም ወይስ ቆርጦ ማውጣት?

ደብረ ብርሃን ውስጥ ፎቶ ቤት የሚሠራ ሰው ከሠርግ ሰሞን በኋላ የሚደርሰው ጥያቄ አንድ ዓይነት ነው። «ይሄን ሰውዬ ብቻ አውጣልኝ፣ ሌላውን እንዳትነካብኝ።» ከመሐል ሜዳም ከሸዋ ሮቢትም በቴሌግራም የሚላክልኝ ይኸው ነው። ሰውዬው ለምን እንደሚወጣ አልጠይቅም። እኔ የምጠይቀው እጁ የት እንዳለ ነው። ሥራው አምስት ደቂቃ ይፍጅ ወይም ግማሽ ቀን የሚወስነው እሱ ነውና። ለየሰዉ ደጋግሜ ከምጽፍ ብዬ እዚህ በቅደም ተከተል አስቀምጬዋለሁ።

ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ፎቶውን ከዳር መከርከም ነው፤ ብዙ ሰው «ክሮፕ» የሚለው። ሁለተኛው ሰውየውን ቆርጦ ማውጣትና ቦታውን መድፈን ነው። ሁለቱም ክፍተት ይተዋሉ፤ የክፍተቱ ዓይነት ግን ይለያያል። የተከረከመ ፎቶ ቀዳዳ የለውም፤ ሚዛኑ ግን ይዛባል፣ የወጣው ሰው ጣትም እዚያው ሊቀር ይችላል። ቆርጦ ማውጣት ደግሞ በሰዎች መካከል የአንድ ሰው ስፋት ያለው ቀዳዳ ይከፍታል። ከዚህ በታች ያለው መመሪያ በዋናነት ስለዚህ ቀዳዳ አዘጋግ ነው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ዋናው ፋይል፣ ማለትም ፎቶው ከተነሳበት ስልክ ወይም ካሜራ በቀጥታ የመጣው። በቴሌግራም እንደ ተራ ፎቶ የተላከ ከሆነ ረጅሙ ጎን አብዛኛውን ጊዜ ወደ 1280 ፒክስል ይወርዳል። ላኪው `File` ብሎ እንዲልክ ንገሩት።
- ኮምፒውተርና GIMP። ፕሮግራሙ በነፃ የሚገኝ ነው፤ ለዚህ ሥራ ይበቃል።
- ማውስ። በላፕቶፕ መዳሰሻ የሰው ትከሻ ዙሪያ መቁረጥ ትርፉ ድካም ነው።
- ለመከርከም ብቻ ከሆነ ስልክ ላይ Snapseed ይበቃል።
- ፎቶው የታተመ ብቻ ከሆነ ስካነር።

መቁረጫውን ከማንሳታችሁ በፊት

1. ፎቶውን ገልብጡ። ዋናውን ሳትነኩ ቅጂው ላይ ሥሩ። ዛሬ እንዲወጣ የተፈለገ ሰው ለከርሞ ተመለስ ሊባል ይችላል። በተጨማሪም አንዴ ተቆርጦ በዋናው ስም ላይ የተቀመጠ ፋይል የሚመለስበት መንገድ የለም።

2. የሚወጣው ሰው የነካውን ሁሉ ፈልጉ። ፎቶውን አጉልታችሁ አራት ነገር እዩ፦ እጁ በማን ትከሻ ወይም ወገብ ላይ እንዳረፈ፣ ከማን አካል ወይም ልብስ ፊት ቆሞ እንደጋረደ፣ ጥላው በማን ላይ እንደወደቀ፣ ልብሱ በማን ነጠላ ውስጥ አሳብሮ እንደሚታይ። የመጨረሻውን ብዙ ሰው አያስተውለውም። ነጠላ ስስ ነው፤ ከኋላው ጥቁር ኮት ካለ ጫፉ ነጭ መሆኑ ቀርቶ ግራጫ ይሆናል። ሰውየው ከወጣ በኋላም ግራጫው ይቀራል፤ ያየው ሰው ምን እንደሆነ ባያውቅም አንድ ነገር እንዳልተስተካከለ ይሰማዋል።

3. ከሰውየው ጀርባ ያለውን ተመልከቱ። ከወጣ በኋላ የሚታየው እሱ ስለሆነ ነው። በእኛ አካባቢ የተለመዱት ሦስት ናቸው። የድንጋይ ካብ ምሕረተኛ ነው፤ ድንጋዩ ሁሉ የተለያየ ስለሆነ ትንሽ ስህተት ይውጣል። የባሕር ዛፍ ተርታ መካከለኛ ነው። ከሁሉም የሚከፋው ቆርቆሮ አጥር ነው፤ የቆርቆሮው መስመር በእኩል ርቀት ስለሚደጋገም ሁለት ፒክስል ከሳተ ዓይን ወዲያው ይይዘዋል።

በምን እንደምንሠራ

ከዚህ በኋላ ያለውን ሁሉ በአንድ ፎቶ ላይ አሳያችኋለሁ። የመልስ ዕለት መንዝ ውስጥ፣ በድንጋይ ካብ ፊት፣ ሣር ላይ ሰባት ሰዎች ትከሻ ለትከሻ ገጥመው ቆመዋል። ከግራ ወደ ቀኝ፦ በርኖስ የለበሱት አባት፣ እናት፣ ሙሽራው፣ ሙሽሪት፣ ሴት ሚዜዋ፣ እንዲወጣ የተፈለገው ሰውዬ፣ መጨረሻ ላይ የሙሽሪት ታናሽ እህት።

ፎቶው በስልክ የተነሳ ነው፤ ወርዱ 4000፣ ቁመቱ 3000 ፒክስል። እያንዳንዱ ሰው ወደ 500 ፒክስል ወርድ ይዟል፤ ግራና ቀኝ 250 ያህል ትርፍ አለ። ስለዚህ ሰውየው ከ2750 እስከ 3250 ባለው ውስጥ ነው። አንድ እጁ በሚዜዋ ጀርባ ዞሮ በወዲያኛው ትከሻዋ ላይ አራት ጣት ብቅ ብሏል። የሌላው እጁ ክርን ደግሞ ከታናሽ እህት ትከሻ ላይ 60 ፒክስል ያህል ጋርዷል። የእናንተ ፎቶ ቁጥሩ ሌላ ይሆናል፤ አለካኩ ግን ያው ነው። GIMP ውስጥ ማውሱን የትኛውም ቦታ ላይ ብታደርጉት ቦታው ከታች በግራ በቁጥር ይነበባል።

መንገድ አንድ፦ መከርከም

4. ከሰውየው ወዲህ ያለውን መስመር ፈልጉ። እዚህ 2750 ላይ ነው። መስመሩ በሁለት ሰዎች መካከል በሚታይ ካብ ላይ ካለፈ ንጹሕ ነው። በሚዜዋ ክንድ ላይ ካለፈ ግን ቆረጣው ይታወቃል። የግድ በሰው አካል ላይ ማለፍ ካለበት በክንዱ መሃል እንጂ በመገጣጠሚያው፣ ማለትም በክርን ወይም በአንጓ ላይ አታሳልፉት። መገጣጠሚያ ላይ የተቆረጠ እጅ ጉዳት የደረሰበት ይመስላል።

5. ከጎን ስትቆርጡ ከላይና ከታችም ቁረጡ። 10 በ15 ሳንቲ ሜትር ለማሳተም ምጥጥኑ 3 ለ 2 መሆን አለበት። ወርዱ 2750 ሲሆን ቁመቱ 1833 ይሆናል። የቆሙት ሰዎች ቁመት 1700 ያህል ስለሆነ ከራስ በላይና ከእግር በታች የሚተርፈው በድምሩ 133 ፒክስል ብቻ ነው። ይበቃል፤ ግን ጥብቅ ነው። ምጥጥኑን ሳታዩ ከጎን ብቻ ቆርጣችሁ ለማተሚያ ብትሰጡ ማሽኑ የአባትን ራስ ወይም የሁሉንም ጫማ ይበላዋል።

   በ GIMP `Shift+C` ተጫኑ፤ `Fixed` የሚለውን `Aspect ratio` አድርጋችሁ `3:2` ጻፉ። `Delete cropped pixels` የሚለው ላይ ምልክት አድርጉ፤ ካልሆነ የተቆረጠው ክፍል ከሸራው ውጭ ተደብቆ በሥራ ፋይሉ ውስጥ ይቀራል።

6. የተረፈውን እዩ። መከርከም ምን እንደሚያስከፍል የሚገባችሁ እዚህ ላይ ነው። ሰውየው ወጥቷል፤ ታናሽ እህትም አብራው ወጥታለች፤ አራቱ ጣቶች ግን ሚዜዋ ትከሻ ላይ አሉ። በመጀመሪያው ፎቶ መሃሉ፣ ማለትም 2000፣ ሙሽሪት ላይ ነበር። አሁን መሃሉ 1375 ነው፤ እሱም ሙሽራው ላይ ነው። ሙሽሪት ወደ ጎን ተገፍታለች። ጣቶቹን በኋላ በምናየው መንገድ ማጥፋት ይቻላል፤ እህቲቱን ግን መመለስ አይቻልም።

   ስለዚህ ደንቡ አጭር ነው። የሚወጣው ሰው የመጨረሻው ዳር ላይ ከቆመ ከርክሙ። ከእሱ ወዲያ ሌላ ሰው ካለ፣ ያ ሰው ይቅር ካልተባለ በቀር፣ ወደ መንገድ ሁለት እለፉ።

ስለ ጥራት አንድ ነገር ልጨምር። ለ10 በ15 ኅትመት 1800 በ1200 ፒክስል ካላችሁ ጥሩ ነው፤ የእኛው 2750 ስለሆነ ሰፊ ነው። ይኸው ፎቶ በቴሌግራም ወርዱ 1280 ሆኖ መጥቶ ቢሆን ኖሮ ግን ከከረከማችሁት በኋላ የሚቀራችሁ 880 ብቻ ነበር፤ ከሚፈለገው ግማሹ አይሞላም፣ ፊት ላይ ይደበዝዛል። ዋናውን ፋይል አምጡ የምለው ለዚህ ነው።

መንገድ ሁለት፦ ቆርጦ ማውጣትና ማጠጋጋት

ብዙ ሰው የሚያስበው ሰውየውን አጥፍቶ ቦታውን በካብ መሙላት ነው። ይቻላል፤ ነገር ግን ውጤቱን አስቡት። ስድስት ሰዎች ትከሻ ለትከሻ ተጣብቀው ሳለ በሚዜዋና በእህቲቱ መካከል ብቻ የአንድ ሰው ስፋት ያለው ባዶ ቦታ ይኖራል። የጥርስ መውለቂያ ይመስላል። ካቡን የፈለጋችሁትን ያህል አሳምሩት፣ ያየ ሁሉ «እዚህ ጋ ማን ነበር?» ማለቱ አይቀርም። ባዶውን መሙላት የሚያዋጣው ሰዎቹ ከመጀመሪያውም ተራርቀው ከቆሙ ብቻ ነው።

ተጠጋግተው ከቆሙ ግን ክፍተቱን አትሙሉት፣ ዝጉት። ማለትም ከሰውየው ወዲያ ያለውን የፎቶ ክፍል ሙሉውን፣ እህቲቱን ከነካቧና ከነሣሯ፣ ወደ ግራ አንሸራታችሁ ሰውየውን በእሷ መሸፈን ነው። ይህ መንገድ ሁለት ጥቅም አለው። ካቡን ከባዶ መፍጠር የለባችሁም፤ እውነተኛው ካብ አብሯት ይመጣል። በክርን የተጋረደው ትከሻዋ ደግሞ ከሚዜዋ ኋላ ስለሚገባ የማናውቀውን ነገር መሳል አያስፈልገንም።

7. የሥራውን ፋይል አዘጋጁ። ፎቶውን ክፈቱ፣ `Shift+Ctrl+D` ተጭናችሁ ሌየሩን፣ ማለትም የፎቶውን ንብርብር፣ አባዙት፣ የ GIMP የራሱ የሥራ ፋይል በሆነው በ XCF አስቀምጡት። የታችኛውን ሌየር እንዳትነኩት፤ ስትሳሳቱ የምትመለሱበት እሱ ነው።

8. ሚዜዋን ለብቻዋ አውጡ። `F` ተጭናችሁ በነፃ መምረጫው ዙሪያዋን ነጥብ በነጥብ ሂዱ። ጥንቃቄ የሚያስፈልገው በአንድ ጎኗ ብቻ፣ ማለትም ከሰውየው ጋር በሚገናኘው ጎን፣ ከአንገት እስከ ቀሚሷ ጫፍ ነው። በሌላው ጎን በውስጧ ዘና ብላችሁ ብታልፉ ችግር የለም፣ ከሥሩ ያለው ያው ራሱ ፎቶ ነው። ሲያልቅ `Enter`፤ ከዚያ `Select` ውስጥ `Feather` ገብታችሁ 2 ፒክስል ስጡት። ያለዚያ ጠርዟ በመቀስ የተቆረጠ ካርቶን ይመስላል። ከ2 ብዙ ካለፈ ደግሞ በዙሪያዋ የሰውየው ኮት ቀለም እንደ ጭስ ይቀራል።

   `Ctrl+C`፣ `Ctrl+V` አድርጉ። የተለጠፈው ገና ተንሳፋፊ ከሆነ ከሌየሮቹ ሥር ባለችው የአዲስ ሌየር ምልክት ወደ ሌየር ቀይሩት። ስሙን «ሚዜ» በሉት።

9. ቀኝ በኩል ያለውን ሰቅ አውጡ። ወደ ተባዛው ሌየር ተመለሱ። `R` ተጭናችሁ ከ3250 እስከ ፎቶው ቀኝ ጫፍ፣ ከላይ እስከ ታች ያለውን ምረጡ። እህቲቱን ዙሪያዋን አትቁረጡ፤ ሰቁን እንዳለ ውሰዱ። ቀድታችሁ ለጥፉት፣ «እህት» በሉት፣ ከ«ሚዜ» ሌየር በታች አድርጉት። ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው፦ ከላይ ሚዜ፣ ቀጥሎ እህት፣ ከዚያ ፎቶው።

10. ሰቁን አንሸራትቱ። `M` ተጫኑና 560 ፒክስል ወደ ግራ ውሰዱት። ከየት መጣ ብትሉ፦ የሰውየው ወርድ 500፣ ክርኑ የጋረደው 60። አሁን የእህቲቱ ያልተጋረደ አካል ልክ 2750 ላይ፣ ማለትም ሚዜዋ ክንድ ጎን፣ ይጀምራል። የተጋረደው 60 ፒክስል ደግሞ ከሚዜዋ ኋላ ገብቷል። ሰውየው በሰቁ ተሸፍኗል፤ አንድም የካብ ድንጋይ አልሳላችሁም።

    ከዚያ በቁልፍ ሰሌዳው ቀስቶች አንድ አንድ ፒክስል እያላችሁ የካቡን ረድፍ አጋጥሙ። ፎቶው ትንሽ በሰያፍ ከተነሳ ረድፉ ወደ አንድ ጎን ስለሚወርድ ሰቁን ትንሽ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ማድረግ ያስፈልጋል። ከካቡ ይልቅ ግን እግሯን እዩ። ካቡን በኋላ ማስታረቅ ይቻላል፤ ከሌሎቹ በላይ ከፍ ብሎ የሚንሳፈፍ እግር ግን አይታረቅም።

11. ስፌቱን አጥፉ። ሰቁ የሚጀምርበት 2690 ላይ፣ ከሚዜዋ ራስ ጎን፣ ከላይ እስከ ታች ቀጥ ያለ መስመር ይታያል። «እህት» ሌየር ላይ ነጭ ማስክ፣ ማለትም የሌየሩን ክፍል ሳያጠፋ የሚደብቅ ሽፋን፣ ጨምሩ (`Layer > Mask > Add Layer Mask`፣ `White`) እና መስመሩን በለስላሳ ጥቁር ብሩሽ ነካ ነካ አድርጉት። ቀጥ ብላችሁ አትቅቡ፤ የድንጋዩን ዙሪያ ተከትላችሁ ገባ ወጣ በሉ። ዓይን ቀጥ ያለ መስመር ይፈልጋል፤ ጠመዝማዛውን ያልፈዋል። ሣሩ ላይም እንዲሁ።

    ብሩሹ ወደ ቀኝ ብዙ ከሄደ ሰውየው ከሥር ብቅ ይላል። አትደንግጡ፣ በነጭ መልሳችሁ ቀቡት። ማስክ ከማጥፊያ የሚሻለው በዚህ ነው፤ የተደበቀ እንጂ የጠፋ ነገር የለም።

12. የቀሩ ቁርጥራጮችን ፈልጉ። ክንዱ በሚዜዋ ጀርባ ስለዞረ ከአንገቷ አጠገብ፣ ከትከሻዋ በላይ፣ ትንሽ የኮት ቁራጭ ሳይቀር አይቀርም። ወደ ተባዛው ሌየር ተመልሳችሁ በክሎን መሣሪያ (`C`) ከአጠገቡ ካለ ድንጋይ `Ctrl` ይዛችሁ ጠቅ በማድረግ ናሙና ወስዳችሁ ሸፍኑት።

13. አራቱን ጣቶች አጥፉ። ከሁሉም የምጠነቀቀው እዚህ ላይ ነው። ብዙ ሰው በቀጥታ `Heal` መሣሪያን ያነሳል። `Heal` በዙሪያው ያለውን ቀለም ስለሚቀላቅል የጣቱ ጥቁረት ወደ ነጭ ነጠላው ይሰራጭና የሻይ እድፍ ይመስላል። መጀመሪያ ጣቶቹ ያሉበትን ሌየር መርጣችሁ በክሎን ሥሩ። የብሩሹ ስፋት ከአንድ ጣት ትንሽ የበለጠ ይሁን፤ ናሙናውን ከዚያው ነጠላ፣ ከጣቶቹ በታች፣ እጥፋቱ ወደ አንድ አቅጣጫ ከሚሄድበት ውሰዱ። የነጠላው እጥፋት ከትከሻ ወደ ደረት ይወርዳል፤ ናሙናችሁ ከተቃራኒው እጥፋት ከሆነ ጨርቁ የተቀደደ ይመስላል። ጥለቱ ላይ ከደረሳችሁ ጥለቱን ለብቻው፣ ከጥለት ላይ ናሙና ወስዳችሁ ቀጥሉት። ጣቶቹ ሙሉ በሙሉ ከተሸፈኑ በኋላ ብቻ `Heal`ን (`H`) በቀላሉ እለፉበት፣ ቀለሙን ለማስታረቅ።

    ጣቶቹ ነጠላውን ጫን አድርገውት ከነበረ ጎድጓዳ ጥላ ይቀራል። እሱንም አብራችሁ ሸፍኑ፤ ጣት የሌለው የጣት ምልክት ከጣቱ የባሰ ነው።

14. ግራጫውን ነጠላ አጽዱ። የሚዜዋ ነጠላ በጎኗ በኩል ከኮቱ የተነሳ ግራጫ ከሆነ «ሚዜ» ሌየር ላይ ከዚያው ነጠላ ንጹሕ ነጭ ክፍል ክሎን አድርጉ፤ የብሩሹን `Opacity` ወደ 40 ዝቅ አድርጋችሁ ደጋግማችሁ እለፉ። አንድ ጊዜ በሙሉ ኃይል ከቀባችሁት ስስነቱ ይጠፋና ፕላስተር ይሆናል።

15. ጥላውን መርምሩ። በደጋው ፀሐይ የጠራ ስለሆነ ጥላ ጠርዙ ስለታም ነው። እዚህ ፀሐይ ከግራ ነበረችና የሰውየው ጥላ በእህቲቱ ቀሚስ ላይ ወድቋል። ልታጠፉት አትቸኩሉ። አሁን ከጎኗ ሚዜዋ ስላለች ጥላው የሚዜዋ ይመስላል፤ ተዉት። ብታጠፉት እንዲያውም ሌላው ሁሉ ጥላ እያለበት እሷ ብቻ ያለ ጥላ ትቀራለች። ማጥፋት ያለባችሁ ባለቤት የሌለው ጥላ ሲኖር ነው፤ ለምሳሌ የባርኔጣ ጥላ ሣሩ ላይ ሆኖ ባርኔጣ ያደረገው የወጣው ሰው ብቻ ከሆነ።

16. ከቀኝ ከርክሙ። ሰቁ ወደ ግራ ስለሄደ ከ3440 በኋላ የድሮዋ እህት ከሥር ትታያለች፤ አንድ ሰው ሁለት ጊዜ ማለት ነው። 3440 ላይ ቁረጡ። ለ3 ለ 2 ቁመቱ 2293 ይሆናል። አሁን እዩት፦ ቀኝ በኩል የሚቀረው ትርፍ 250 ነው፣ ከግራው እኩል። መሃሉ 1720 ነው፤ እሱም በሙሽራውና በሙሽሪት መካከል። በመከርከም የተበላሸው ሚዛን እዚህ ከመጀመሪያውም ተሻለ። 20 በ30 ለማሳተምም ይበቃል።

ከመላካችሁ በፊት

17. እጅ ቁጠሩ። ቀልድ አይደለም። ስድስት ሰው ካለ ከአሥራ ሁለት የበለጠ እጅ መኖር የለበትም፤ የሚታየው እጅ ሁሉ ባለቤት ይኑረው። ጫማም ቁጠሩ። የወጣው ሰው ጫማ ጫፍ በሣሩ ውስጥ ቀርቶ ታትሞ በፍሬም የተሰቀለ አይቻለሁ።

18. ፎቶውን ገልብጣችሁና አሳንሳችሁ እዩት። `View` ውስጥ `Flip & Rotate` ገብታችሁ አግድም ገልብጡት። ለረጅም ሰዓት ያያችሁት ፎቶ ላይ ዓይናችሁ ስህተቱን ለምዶታል፤ ሲገለበጥ እንደ አዲስ ያየዋል። ቀጥሎ በስልክ ስክሪን መጠን አሳንሱት። ተደጋጋሚ ድንጋይ፣ ማለትም በክሎን ሁለት ቦታ የተለጠፈ አንድ ድንጋይ፣ ቶሎ የሚታየው ሲያንስ ነው።

19. ሲያስቀምጡ ትንሿን ምስል አጥፉ። `File > Export As` ብላችሁ JPEG፣ ጥራት 92 አካባቢ። እዚያው `Save thumbnail` የሚል ምልክት ካለ አንሱት። አንዳንድ ፕሮግራም በፋይሉ ውስጥ የምትቀመጠውን ትንሽ ምስል ሳያድሳት ስለሚያልፍ ትልቁ ፎቶ ላይ የጠፋው ሰው በትንሿ ላይ ሊቀር ይችላል። በስልክ ጋለሪ የከረከማችሁ ከሆነ ደግሞ ብዙዎቹ ስልኮች ወደ ዋናው የሚመልስ ቁልፍ አላቸው። ስልኩን የያዘ ሁሉ መመለስ ይችላል፤ ካልፈለጋችሁ አዲስ ቅጂ አስቀምጡ።

ማስጠንቀቂያ

ለፍርድ ቤት፣ ለውርስ፣ ለኢንሹራንስ ወይም ለማንኛውም ማስረጃ በሚቀርብ ፎቶ ላይ ይህን አታድርጉ። ሰው ከቤተሰብ ፎቶ ማውጣት አንድ ነገር ነው፤ «እዚያ አልነበረም» ለማለት ማውጣት ሌላ ነው።

በእጃችሁ ያለው የታተመ ፎቶ ብቻ ከሆነ መቀስ አታንሱ። በ600 ዲፒአይ ስካን አድርጉ፤ 10 በ15 የሆነ ፎቶ ረጅሙ ጎን ወደ 3500 ፒክስል ይሰጣችኋል፣ ከላይ ያለው ሁሉ ይሠራበታል። ከአልበሙ ፕላስቲክ ወይም ከፍሬሙ መስታወት ጋር ከተጣበቀ አትላጡት፤ ቀለሙ ከፕላስቲኩ ጋር ይሄዳል። ከነሽፋኑ፣ በመስኮት ብርሃን፣ ነጸብራቅ እስኪጠፋ ዘወር እያላችሁ አንሱት።

ደጋግሜ የማያቸው ስህተቶች

ስልክ ላይ በ Snapseed `Healing` ሙሉ ሰው ለማጥፋት መሞከር። መሣሪያው ለጣትና ለትንሽ ነገር ጥሩ ነው፤ በሁለት ሰዎች መካከል ያለ ሙሉ ሰው ሲነኩበት ግን የጎረቤቱን ፊት ጎትቶ ባዶው ላይ ይለጥፈዋል።

የጎደለ ትከሻ ለመሥራት ሌላኛውን ትከሻ ገልብጦ መለጠፍ። ፀሐይ ከአንድ ጎን ስለሆነች የተገለበጠው ትከሻ ብርሃኑ በተቃራኒ ይሆናል። ደመናማ ቀን ከሆነ ብቻ ይሞከራል።

ጥቁር በርኖስ የለበሰ ሰው ዙሪያ ላይ ሰዓት ማጥፋት። ከኋላው ጥቁር ድንጋይ ካለ ጠርዙ እዚያው ይጠፋል፤ ጊዜያችሁን ለነጠላው አስቀምጡት።

ሁለቱም የማይሠሩበት ጊዜ

የሚወጣው ሰው ከፊት ረድፍ ተቀምጦ ከኋላው የቆሙትን ከጋረደ፣ ወይም የሌላ ሰው ልጅ ታቅፎ ከሆነ፣ ሲወጣ የሚታየው ነገር ፎቶው ውስጥ የለም። የአክስት እግር ወይም የሕፃን ወገብ ከየትም አይመጣም። እንዲህ ሲሆን የማደርገው አንድ ነገር አለ፦ ፎቶግራፈሩን ወይም ዕለቱን በስልክ ያነሱትን ሰዎች በዚያው ቅጽበት የተነሱ ሌሎች ፎቶዎች እጠይቃለሁ። የቡድን ፎቶ አንድ ጊዜ ብቻ አይነሳም፤ ሰው ከመሰብሰቡ በፊትና ሲበተን የተነሳ አለ። ሰውየው ገና ሳይቀመጥ የተነሳ አንድ ፎቶ ከተገኘ የጎደለው አካል ከዚያ ይመጣል፤ ብርሃኑም ቦታውም አንድ ስለሆነ በደረጃ 9 እንዳለው ሰቁን ቆርጦ መለጠፍ ብቻ ይቀራል። ካልተገኘ የቀሩትን ሰዎች ከወገብ በላይ ከርክማችሁ በሁለት ትንንሽ ፎቶ ብትከፍሏቸው ይሻላል።